የተለጠፈ ፊርማ ውሉን አይጠብቅም

«ፊርማዬም ማኅተሙም ፒዲኤፉ ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

ውል በኢሜይልና በቴሌግራም መላላክ ከተለመደ ወዲህ ይህን የማይል ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው። የሚታየው ነገር ግን ፎቶ ነው። አንድ ቀን ነጭ ወረቀት ላይ ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ፣ ነጩ ጀርባው ጠፍቶለት በየውሉ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ምስል። ዋናው በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቅጂው ደግሞ ውል በተላከለት ሰው ሁሉ እጅ ይገኛል። ከአንዱ ፒዲኤፍ አውጥቶ ሌላው ላይ ማሳረፍ የደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ የ480,000 ብር የአገልግሎት ውል እንውሰድ። አቅራቢው የፊርማውን ምስል ለጥፎ ላከ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ፋይሉን በፒዲኤፍ ማረሚያ ከፍቶ 480,000 የሚለውን 430,000 አደረገው። ፋይሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይከፈታል፤ ፊርማውም እንደነበረ ቁጭ ብሏል። ምስሉ ገጹ ላይ የተቀመጠ ሥዕል እንጂ ከላዩ ካለው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አክሮባት ውስጥ Fill & Sign በሚለው በኩል የሚገባው የፊርማ ምስልም ያው ነው።

የፊርማ መስክ ሌላ ነገር ነው። ፒዲኤፉ ውስጥ የራሱ ስም ያለው፣ ፊርማ እንዲቀበል የተዘጋጀ የፎርም ቦታ ነው። ባዶውን እስካለ ድረስ እሱም ምንም አይጠብቅም፤ «እዚህ ይፈረም» ከማለት አያልፍም። ሥራው የሚጀምረው ፈራሚው መስኩን ተጭኖ ማንነቱን በሚናገረው ዲጂታል የምስክር ወረቀቱና እሱ ብቻ በሚይዘው ሚስጥር ቁልፉ ሲፈርም ነው። ያኔ ፕሮግራሙ ፊርማው ራሱ ከሚያርፍባት ክፍተት በቀር የፋይሉን ይዘት በሙሉ አስልቶ የሚወክለው አጭር የቁጥር አሻራ ያወጣለታል፤ አሻራውንም በቁልፉ ፈርሞ እዚያች ክፍተት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከየት እስከ የት እንደተፈረመ ፋይሉ ውስጥ ByteRange በሚለው ቦታ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ 480,000 ላይ አንዲት አኃዝ ብትነካ አሻራው አይገጥምም።

ሰውን የሚያደናግረው መስኩም ምስል መያዝ መቻሉ ነው። ሲፈርሙ የእጅ ፊርማን ሥዕል፣ ስምና ቀን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ያ ግን መልኩ ብቻ ነው። ስፋቱ ዜሮ የሆነ፣ ዓይን የማያየው መስክ ላይ የተፈረመ ውል እኩል ይጠበቃል፤ በአንጻሩ ያማረ ምስል ያለ ቁልፍ ከንቱ ነው። ስለዚህ ምስሉ ይኑር፣ እኔ አልቃወምም፤ ግን መስኩ ውስጥ ይግባ።

ልዩነቱን በዓይን ከመገመት ፋይሉን መጠየቅ ይሻላል። ሊኑክስ ላይ ፖፕለር የተባሉት የፒዲኤፍ መሣሪያዎች ለተጫኑለት አንድ መስመር ይበቃል፦

```
pdfsig wul.pdf
```

ምስል ብቻ የተለጠፈበት ፋይል ከሆነ መልሱ `does not contain any signatures` ነው። በትክክል የተፈረመ ከሆነ `Signature is Valid`፣ የተፈረመው ክፍል ራሱ ተነክቶ ከሆነ `Digest Mismatch` ይላል። `Certificate issuer isn't Trusted` ካለ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ውሉ ተቀይሯል ማለት ሳይሆን የምስክር ወረቀቱን የሰጠውን አካል ኮምፒውተሩ አያምነውም ማለት ነው። ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር «አቶ እከሌ» የሚል የምስክር ወረቀት ሊያወጣ ስለሚችል ይህችን መስመር ዘሎ ማለፍ አይገባም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የምስክር ወረቀት ሰጪዎችን ጉዳይ የደነገገው፣ ለሌሎቹ ሰጪዎች ዋስ የሚሆነውን የሥር ሰጪነቱንም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የሰጠው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙባቸው መስኮች የመጀመሪያው ሰው ከመፈረሙ በፊት መግባት አለባቸው። ሁለተኛው ሲፈርም ፊርማው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይታከላል እንጂ የቀደመውን አይነካም፤ በዚህ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ፊርማ `Not total document signed` የሚል ቢመጣ የሚጠበቅ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ ሁለቱ ፈርመው ካበቁ በኋላ አንዱ «ማኅተም ረሳን» ብሎ የማኅተም ምስል ይለጥፍና ሁሉንም ያበላሻል። ከዚያም የሚባሰው ፋይሉን እንደገና «ወደ ፒዲኤፍ ማተም» ነው፤ መልኩ እንዳለ ይቆያል፣ ፊርማው ግን ከነጭራሹ ይጠፋል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ስለሆነ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ውል የሚያረቅ ቢሮ ማኅተሙን ቅጹ ላይ ቀድሞ ያስቀምጥ፤ ለእያንዳንዱ ፈራሚ ባዶ መስክ ያዘጋጅ፤ ተፈርሞ የመጣውንም ወደ ፒዲኤፍ ሳያትምና ዳግም ሳያስቀምጥ እንዳለ ይያዝ። የወረቀት ቅጂ የሚፈልግ ያትም፤ ፊርማው ግን ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው።