ሦስት ጊዜ ያማረ አንድ ዐረፍተ ነገር

«ቅደም ተከተሉን አትንኩብን። ዐረፍተ ነገሮቹን ብቻ አሳምሩልን። ቃሉ ካማረ ሌላው በራሱ ይስተካከላል።»

አይስተካከልም! ይህን ትእዛዝ ከብሮሹር ረቂቅ ጋር አያይዞ የላከልን አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ይበልጥ ያናደደኝ ግን የገዛ ባልደረባዬ ነው። ለደንበኛው የጻፍኩትን አጭር ኢሜይል አይቶ «ተው አትላከው፤ ያዘዙህን ሠርተህ ሂሳብህን ተቀበል» አለኝ። እኛ ሙያ ውስጥ ይህ አባባል እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ደንበኛን መበደል ነው እላለሁ። እንደሚጣል የምታውቀውን ሥራ ሠርተህ ገንዘብ መቀበል ሌላ ስም የለውም።

ረቂቁን ልንገራችሁ። አንድ ኤ4 ወረቀት ነው፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ ስድስት ገጽ የሚወጣው። ሽፋኑ ላይ አርማና መፈክር አለ። ሲገለጥ በግማሽ ገጽ ፎቶ የታጀበ የመሥራቹ መልእክት ይመጣል። ከዚያ የምሥረታ ታሪክ፣ ከዚያ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች። ሰርቪስ መኖሩ የተጠቀሰው እሴቶቹ ሥር፣ በሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው። የምዝገባው ቀን ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ክፍያው የትም የለም።

ቢሯችን ውስጥ ልጇን ዘንድሮ መዋዕለ ሕፃናት የምታስገባ አንዲት እናት አለች። ረቂቁን አትሜ፣ አጥፌ ሰጠኋትና «ሰርቪስ አላቸው?» አልኳት። ሽፋኑን ገለጠች። የመሥራቹን ፎቶ አየችና አለፈችው። ሙሉውን ዘረጋችው፣ በጣቷ ከላይ ወደ ታች ፈለገች፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ዘረጋችው። በመጨረሻ «የላቸውም መሰለኝ» ብላ መለሰችልኝ። አላቸው እኮ! ጽፈውታል። የእሷ ጣት በሚሄድበት መንገድ ላይ ግን አልጻፉትም።

«ቃሉ ካማረ» የሚሉ ሰዎች የማያዩት ይህን ነው። ብሮሹር እንደ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ተጀምሮ አይነበብም። የሚነበበው እጅ በሚገልጠው ተራ ነው። መጀመሪያ ሽፋኑ ይታያል። ሽፋኑ ወደ ግራ ሲገለጥ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ይመጣል፤ በግራ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው፣ በቀኝ ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክንፍ። ይህ ክንፍ ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ጠበብ ይላል። ሌሎቹ 100 ሚሊ ሜትር ከሆኑ እሱ 97 ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ክንፉ ሲዘረጋ ነው የውስጡ ሦስት ገጽ አንድ ላይ የሚታየው። ብዙ ሰው ግን እዚያ አይደርስም። ሽፋኑንና ክንፉን አይቶ፣ ገልብጦ ጀርባውን አይቶ ወይ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል ወይ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ክንፉ ውድ ቦታ ነው። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የመሥራቹን ፎቶ አስቀምጦ ቅጽሎቹን ሲያሽሞነሙኑ መዋል ለወላጁ ምን ይጨምርለታል?

ለእያንዳንዱ አንቀጽ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ አንቀጹ የሚመልሰው የወላጅ ጥያቄ የትኛው ነው እያልኩ። ረቂቁ 11 አንቀጽ አለው። በሦስቱ ጠርዝ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጻፍኩ፦ «መምህራኑ ብቁ ናቸው?» አንዱ «ልምድ ባካበቱ መምህራን» ይላል፣ ሌላው «በሙያው በተካኑ አስተማሪዎች»፣ ሦስተኛው «ብቃታቸው በተመሰከረ ባለሙያዎች»። እንደታዘዝኩት ባሳምር ኖሮ አንድን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አሳምሬ፣ የሦስቱንም ሂሳብ እጠይቅ ነበር። አራት አንቀጽ ጠርዝ ላይ ደግሞ የምጽፈው ጥያቄ አጣሁ።

ዐረፍተ ነገር ያለ ቦታው መታረምም አይችልም። «በተጨማሪም ለተማሪዎቻችን የትራንስፖርት አገልግሎት እንሰጣለን» የሚለውን እንውሰድ። እሴቶቹ ሥር እያለ «በተጨማሪም» ያስፈልገዋል። ወደ ክንፉ ሲወጣ ቃሉ ይወድቃል፤ ከፊቱ የሚጨመርበት ነገር የለምና። «ለተማሪዎቻችን»ም ይወድቃል። የሚቀረው «ሰርቪሳችን ሰሚትን፣ አያትንና ሲኤምሲን ያዳርሳል» ነው። ይህ ማሳመር አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ ቦታ ሲቀይር ሌላ ዐረፍተ ነገር ሆኗል። ቀድሞ የታሸው ሁሉ ከንቱ ቀርቷል።

ኢሜይሉን ባልደረባዬን ሳልሰማ ላክሁት። እንዲህ ይላል፦

«ርዕስ፦ ከቃላቱ በፊት የብሮሹሩ ቅደም ተከተል

ጤና ይስጥልን። ረቂቁን አንብበነዋል። ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት የመግቢያ ዕድሜ፣ ክፍያ፣ ሰርቪስና የመውጫ ሰዓት ነው። በረቂቁ ሰርቪሱ እሴቶች ሥር ነው፤ ክፍያው የለም፤ የመምህራን ብቃት ሦስት ቦታ ተጽፏል። ቃላቱን አሁን ብናርም ከ11ዱ አንቀጽ ስድስቱ ኋላ ይወጣሉና ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ እስከ ሐሙስ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ምን እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንልካለን። ስትስማሙበት ቃላቱን በሁለት ቀን እንጨርሳለን። የመሥራቹ መልእክት አይጠፋም፤ አጥሮ ወደ ውስጥ ገጽ ይሄዳል። ከእናንተ የምንፈልገው የዘንድሮውን ክፍያና የሰርቪስ መስመሮቹን ብቻ ነው። ከአክብሮት ጋር።»

ይኸው ነው። ስለ አጻጻፍ ጥበብ ትምህርት የለበትም። «ረቂቁ ደካማ ነው» የሚል ቃልም የለበትም። የሚናገረው ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ነው፤ ደንበኛው ከፍቶ ማየት ይችላል። የመሥራቹ ነገር የተነሣው ሆን ተብሎ ነው። «ቅደም ተከተሉን አትንኩ» የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚፈራው አንድ የተወሰነ ነገር እንዳይነካበት ነው። ያንን ነገር ስሙን ጠርቶ ቦታ ካልሰጡት የቀረውን አያነብም።

«ደንበኛው ይቀየማል» ይሉኛል። ይቀየማል እንበል። 3 ሺሕ ኮፒ ታትሞ ወላጆች አሁንም እየደወሉ «ሰርቪስ አላችሁ?» ሲሉትስ ማንን ያመሰግናል? ማተሚያ ቤት ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ ከወጣ በኋላ አንድ አንቀጽ ከገጽ ወደ ገጽ ማዛወር ማለት አዲስ ፕሌት፣ አዲስ ወጪ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሳለ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አምና የታተመ፣ የሠራ ብሮሹር ስልክ ቁጥሩና ክፍያው ብቻ ተቀይሮ እንዲታተም ከተፈለገ እርማቱ ይበቃል። ይህኛው እንደዚያ አይደለም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ሁለት መስመር ነው። «ክፍያውን ብሮሹር ላይ ማውጣት አንፈልግም፤ የሰርቪስ መስመሮቹን ግን አያይዘናል። ወረቀቱን ላኩልን።» ክፍያውን በተመለከተ ገና እንከራከራለን። ክንፉ ላይ ግን ሰርቪሱ ገብቷል። ያቺ እናት አዲሱን ናሙና ስሰጣት ሽፋኑን ገልጣ እዚያው ላይ ቆመች።