የመኪና ማቆሚያው ዛፍ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሳምንት ግሩፓችን ውስጥ አንድ ሊንክ ተለጠፈ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ከመቶ በላይ ሰው አለን፤ አንድ ሰው እንኳን «ይሄ የማን ነው?» አላለም። እኔ ግን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 2016 ነበር፣ ኅዳር መግቢያ ላይ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስት ቀን ቀርቶታል። «ዴንቨር ጋርዲያን» የሚባል ጋዜጣ አንድ ዜና አወጣ። የሂላሪ ክሊንተንን ኢሜይል አሾልኳል ተብሎ የተጠረጠረ የኤፍቢአይ መርማሪ ሜሪላንድ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ ሚስቱን ገድሎ ራሱን አጠፋ፣ ቤታቸውም ተቃጠለ ይላል። እኔ ለግሩፑ አስተላለፍኩት።

አንድ የማከብራቸው ጋሼ ደወሉልኝ። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበሩ። «ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ። «የከተማችን ጋዜጣ ነው እኮ የጻፈው» አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ ሥራ ቦታ ተናገሩ። አንዱ ወጣት ባልደረባቸው ስልኩን አውጥቶ እፊታቸው ፈተሸው፤ ሌሎቹ ሳቁባቸው። ጠዋት ሲያገኙኝ አልተቆጡም። «አንተን አምኜ ነው» አሉ፣ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። እንጀራዬ አድራሻ ማግኘት ነው። ያ ሳይት አድራሻ ጽፎ ነበር፣ እዚሁ ዴንቨር። እውነተኛው የከተማችን ጋዜጣ ዴንቨር ፖስት ፈትሾ ሲያገኘው፣ የዜና ክፍሉ ነው የተባለው ቦታ መኪና ማቆሚያ ላይ የቆመ ዛፍ ነበር። ዛፍ! እዚያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ስልኬ ካርታ ላይ ብጽፈው ደግሞ አንድ ደቂቃ።

ሌላውም ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ገጹ የዴንቨርን የአየር ሁኔታ ያሳያል፣ ጋዜጣ ይመስላል። ዜናው ግን ያው አንዱ ብቻ ነው። የትናንት ዜና የለውም፣ ስፖርት የለውም። የሚሠራ ጋዜጣ ይሳሳታልና «ትናንት እንዲህ ያልነው ስህተት ነው» የሚል እርማት ይኖረዋል። ይሄኛው የሚያርመው ትናንት አልነበረውም። ስሙ የተመዘገበው ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። lookup.icann.org ላይ የሳይቱን ስም ስትጽፉ መቼ እንደተመዘገበ ይነግራችኋል። ባለቤቱ ስሙን ሊሸፍን ይችላል፤ ቀኑ ግን ብዙ ጊዜ ይታያል። የአራት ወር ልጅ የከተማው ሽማግሌ ነኝ ሲል ነው ያመንኩት።

የአሜሪካው ሬዲዮ ኤንፒአር ጋዜጠኞች ባለቤቱን ከቀድሞ ሳይቶቹ ተነስተው አገኙት። ጀስቲን ኮለር ይባላል፣ ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። ከተማዋም፣ ሸሪፉም፣ መርማሪውም ፈጠራ እንደሆኑ በራሱ አፍ ተናገረ። በማስታወቂያ በወር ከ10,000 እስከ 30,000 ዶላር የሚያገኝበት ጊዜ እንዳለም ገለጸ። ፌስቡክ ላይ ዜናው ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጋርቷል። ከእነዚያ አንዱ እኔ ነኝ። እሱ ዋሸ፤ ጋሼ ቤት ድረስ ያደረስኩት ግን እኔ ነኝ።

ዜናው ባላት የሜሪላንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰው ሞቶ ቤት ከተቃጠለ፣ ያገሩ ጋዜጣ ዝም ይላል? ያገሩ ፖሊስ ዝም ይላል? የከተማዋን ስም ጽፌ ብፈልግ ኖሮ አንድም ሌላ ምንጭ አላገኝም ነበር። ሁሉም የሚመልሰኝ ወደዚያው ዛፍ ነው።

ስም መደበቅ ብቻውን ውሸት አይደለም፣ ይሄን አውቃለሁ። እኛ አገር እስር ፈርቶ ስሙን የሚሸፍን እውነተኛ ጸሐፊ አለ። አዲስ ሳይት ሁሉም ሐሰተኛ አይደለም። ጸሐፊው ስሙን ከሸፈነ ግን ሌላው መታየት አለበት፦ ሰነዱ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያየ ሰው። ስሙም፣ ባለቤቱም፣ እርማቱም፣ ምንጩም አንድ ላይ ከጠፉ ምን ቀረ? ስሙ ከተጻፈም ስሙን ፈልጉት፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ጽፎ ያውቃል?

እናንተን ከመቆጣቴ በፊት የራሴን ልጨርስ። ያኔ ሐሰት መሆኑን ሳውቅ መልእክቱን አጠፋሁት። «ተሳስቻለሁ» ብዬ አልጻፍኩም። ዝም ብዬ አጠፋሁት። እርማት የሌለውን ሳይት የምወቅስ እኔ፣ ራሴ እርማት አልነበረኝም። እናንተም እንደኔ ናችሁ። ባለፈው ሳምንት የተለጠፈው ሊንክ ማታ ጠፋ፤ የለጠፈው ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ያነበበው ሰው እስካሁን እንዳመነ ነው።

ትናንት ግን አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ግሩፑ ላይ ለመናገር አፍራ ነው። «ጋሼ፣ ሳይቱ መቼ ነው የተከፈተው? እንዴት ነው የሚታየው?» አለችኝ። መኪናዬን ዳር አቁሜ፣ ደረጃ በደረጃ ጻፍኩላት። ለግሩፑ ደግሞ፣ ዓመታት ዘግይቼ፣ ያንን የ2016 ዜና ስህተት ነበር ብዬ ለጠፍኩ። እስከ ማታ ያየው ሁለት ሰው ነው።