ኧረ ምረቃው የት ነው? ስንት ሰዓት ነው?

የባሕር ዳር፣ የማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም ደራሲያን፣ በሞቴ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጽሐፍ ስታስመርቁ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ንገሩን። ሌላ አልጠይቅም። (ውሸቴን ነው፣ ሌላም እጠይቃለሁ።)

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ የምረቃ ፖስተር ደረሰኝ። ማማሩስ ያምራል። የደራሲው ፎቶ ግማሹን ይዞታል፣ ከኋላው ጣና ከነታንኳው ተኝቷል። ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። «የዘመናት ምጥ»፣ «የብዕር በኩር»፣ «የትውልድ አደራ» እያለ ይወርዳል። ወርዶ ወርዶ ጭራው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ 8:00 በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል። ለበለጠ መረጃ ኢንቦክስ።»

የትኛው ቅዳሜ? የትኛው ግቢ? መጽሐፉ እዚያው ይሸጣል? ደራሲው ይፈርማል? ኢንቦክስ ባደርግስ ማን ይመልሳል? የዋሸራ አገር ልጆች ነን ብለን የምረቃ ማስታወቂያውን ሁሉ ቅኔ አደረግነው። ሰሙ ተትረፍርፏል፣ ወርቁ የለም። ቅኔውን ለመጽሐፉ ተዉለት እንጂ ወገን፣ እኔ የምፈልገው አዳራሹን ነው።

ከቀኑ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነውና። ፖስተር የሚሠራው ልጅ ቀን የሚያየው ከስልኩ ነው። የብዙ ሰው ስልክ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለምሳሌ ደራሲው ደውሎ «ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ» ይለዋል። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ቅዳሜን ሲያይ 18 ይላል። ወሩ ሚያዝያ መሆኑን ያውቃል። ሁለቱን አጋባቸውና «ሚያዝያ 18» ብሎ ጻፈ። እሱ ያየው የፈረንጆቹን ኤፕሪል 18 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 10። ልዩነቱ ስምንት ቀን ነው። ሰው ደግሞ የተጻፈውን አምኖ ይመጣል፣ ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ የማያውቀው ሰው ሠርግ እየተበላ ነው። (ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ጎጃም ውስጥ አዳራሽ ባዶውን አያድርም።)

ይህን ስህተት አስቀድሞ ለመያዝ የዕለቱን ስም ከቀኑ ጋር መጻፍ ነው። «ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 2018» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ግድግዳ ላይ ካላንደር ያለው ሰው ሁሉ «ቆይ፣ 18 እኮ እሁድ ነው» ይል ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ከተጻፈ የሚያጋልጠው የለም። ዕለቱ ብቻውን ከተጻፈ ደግሞ የባሰ ነው። «የፊታችን ቅዳሜ» ያላችሁት ፖስት ሰው ሼር እያደረገው በሁለተኛው ሳምንትም ይዞራል፣ ያኔም «የፊታችን ቅዳሜ» እንዳለ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «8:00» ብሎ መተው ምን ማለት ነው? እዚህ ላለነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ምሳ ተበልቶ። ግን አንዱ ቀልጠፍ ያለ የኮሚቴ አባል ፌስቡክ ላይ ኢቨንት ይከፍትና 8:00 ብሎ ይሞላል። ፌስቡክ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። «እመጣለሁ» ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ የሚያስታውሰው ለጠዋት ነው። ጠዋት የመጣ ሰው የሚያገኘው ወንበር የሚደረድረውን ዘበኛ ብቻ ነው። «ከቀኑ 8:00» ብላችሁ ጻፉ፣ ኢቨንቱ ላይ ደግሞ 2:00 ፒኤም ሙሉ።

አሁን ወደ አዳራሹ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

«በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ» ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስትሉ ፔዳ አለ፣ ፖሊ አለ፣ ዘንዘልማ አለ፣ ይባብ አለ። ለባጃጅ ሹፌር «ዩኒቨርሲቲ» ብትሉት «የቱ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ደራሲው ግን አልጠየቀም። እኔ ፔዳ ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው «የምን ምረቃ? ተማሪ ነው የሚመረቀው?» አለኝ። መታወቂያ አሳይቼ፣ ተፈትሼ፣ ገብቼ፣ አዳራሽ ለአዳራሽ ስዞር አንዱ ተማሪ «ፖሊ ይሆናላ» አለኝ። እንደገና ባጃጅ። ፖሊ ስደርስም በር ላይ የእንግዳ ስም ዝርዝር የለም፣ አሁንም መታወቂያ፣ አሁንም ፍተሻ። ገብቼ ሳይ ዳሰሳው አልቆ የክብር እንግዶች ፎቶ እየተነሱ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ እናት ከመራዊ ነው የመጡት። «ልጄ፣ የሚፈርመው ሰውዬ የታል?» አሉኝ። ሰውዬው ፎቶ ላይ ነበር።

ስለዚህ የግቢው ስም፣ የአዳራሹ ስም፣ የምንገባበት በር ይጻፍ። እኛ አገር ቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሰው የለም፣ የሚሄደው በምልክት ነው። ሙሉዓለም አዳራሽ ከሆነ «ሙሉዓለም» ማለት ለባሕር ዳር ሰው ይበቃል፣ ከዳንግላ ለሚመጣው ግን ከመናኸሪያ ወርዶ ለባጃጁ ምን እንደሚል ጨምሩለት። መታወቂያ የሚጠየቅበት ግቢ ከሆነም «መታወቂያ ይያዙ» በሉ። አንድ መስመር ናት።

ፊርማው ደግሞ ጭራሽ የተረሳ ነገር ነው። «የፊርማ ሥነ ሥርዓት ይኖራል» ይባላል፣ አለቀ። መቼ? ከፕሮግራሙ በፊት ነው በኋላ? እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሰው መጽሐፉን አቅርቦ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ደራሲው ጽፎ ፈርሞ፣ አንድ ፎቶ ተነስተው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። መቶ ሰው ቢሰለፍ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። አዳራሹን እስከ 11:00 ተከራይታችሁ ንግግሩ 10:30 ካለቀ ሠላሳ ሰው አስፈርማችሁ ሰባውን ልትሸኙ ነው። ከከተማ ውጭ የመጣው ደግሞ ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ ሲመሽ መኪና ስለማያገኝ። የክብር እንግዳውን ንግግር ቀንሱና የፊርማውን ሰዓት ቆርጣችሁ ጻፉ። የሚያልቅበትንም ጭምር። ሰው መመለሻውን ያሰላበታል።

የምናስፈርመውስ የትኛውን ነው? ቀድሜ ከመጽሐፍ መደብር የገዛሁትን ይዤ መምጣት እችላለሁ ወይስ በር ላይ የተገዛውን ብቻ ነው የሚፈርመው? ይህን ሳይጽፉ ቀርተው በር ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ አይቻለሁ። ሰውዬው «ያው መጽሐፍ አይደለም እንዴ?» ይላል፣ ሻጯ «የዛሬው ብቻ ነው የተባልነው» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያልጻፈው ነው ጥፋተኛው። ዋጋውም ይጻፍ፣ አከፋፈሉም። ሁሉም ሰው በቴሌብር እከፍላለሁ ብሎ መጥቶ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፉ አዳራሹን ይዞራል። «ጥሬ ብር ብትይዙ ይመረጣል» ማለት አያሳፍርም።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፣ በብዕር የተጻፈ አይሰረዝምና። የአገራችን ስም አጻጻፉ ብዙ ነው። ኃይሉ አለ፣ ሀይሉ አለ፣ ሃይሉ አለ። ፀሐይ አለች፣ ጸሐይ አለች። ደራሲው በጫጫታ መሀል ሰምቶ የመሰለውን ይጽፋል። በር ላይ ቁራጭ ወረቀት አድሉና ሰው ስሙን እንደሚጽፈው ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ይክተተው። ሰልፉም ይፈጥናል።

እንግዲህ ያንን የደረሰኝን ማስታወቂያ እኔ ብጽፈው ምን እል ነበር? የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ልተወውና ሌላውን እንካችሁ፣ ሰዓቱና ዋጋው ለምሳሌ ነው፦

«የመጽሐፍ ምረቃና ፊርማ
ቅዳሜ ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከቀኑ 8:00 እስከ 11:30 (በር 7:30 ይከፈታል)
ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ፣ ትልቁ አዳራሽ፣ በዋናው በር። መታወቂያ ይያዙ።
መግቢያ በነፃ። መጽሐፉ በዕለቱ 500 ብር። ጥሬ ብር ቢሆን ይመረጣል።
ፊርማ ከ9:45 ጀምሮ። ቀድመው የገዙትን ይዘው መምጣት ይችላሉ።
ከከተማ ውጭ የመጡ ቅድሚያ ያገኛሉ።»

ከዚህ በታች የዘመናት ምጡንም የብዕር በኩሩንም እንደ ልባችሁ ጻፉት፣ ማንም አይከለክላችሁም። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ይሁን። ፌስቡክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ መሀል ላይ ይቆርጠዋል፣ ቀሪውን ለማየት መንካት አለባችሁ። ቀኑና ቦታው ከታች ከሆነ ግማሹ ሰው ሳያየው ያልፋል። ቴሌግራም ደግሞ ከፎቶ ሥር በተራ አካውንት ከ1024 ፊደልና ምልክት በላይ አይቀበልም። ግጥም ካስገባችሁ ቦታ የምታጡት ለአዳራሹ ነው።

ፖስተሩ ላይም ያው መረጃ ይግባ። «ከሥሩ ጽፈነዋል» አትበሉ። ሰው ፎቶውን ብቻ አውርዶ ለጓደኛው ይልካል፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አብሮ አይሄድም። በተቃራኒው ደግሞ ዳታ የሚቆጥበው ሰው ፎቶውን ሳይከፍት ጽሑፉን ብቻ ያነባል። ስለዚህ ሁለቱም ጋ። የደራሲው ፎቶ ትንሽ ቢያንስ ማንም አይቀየምም፣ ከደራሲው እናት በቀር።

ቦታ ከቀየራችሁ ደግሞ፣ ይኸው ነው ዋናው በሽታ፣ የመጀመሪያውን ፖስት ኤዲት አድርጋችሁ ዝም አትበሉ። ቴሌግራም ላይ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። እናንተ ቻናል ላይ ፖሊ ይላል፣ የአክስቴ የማኅበር ግሩፕ ላይ ገና ፔዳ ነው። አዲስ ፖስት ሥሩ፣ አናቱ ላይ «የቦታ ለውጥ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ የመጀመሪያውን የላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ ውስጥ መልሳችሁ ላኩት። የድሮው አዳራሽ በር ላይም አንድ ሰው አቁሙ። ልጁ ማንበብ ባይወድም ግድ የለም፣ ጣቱን ወደ ፖሊ ይቀስር።