ሀ ሁን ማውረድ ማንበብ አይደለም

«ልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ ትናገራለች። ሀ ሁንም እስከ ፐ በቃሏ ታወርዳለች። ታዲያ ለምን አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃታት?»

ውድ እናት፣ ሐዋሳ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ውጭ የሚያድጉ የእህቴን ልጆችም በቪዲዮ አስጠናለሁ። መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። «ሴ»ን ብቻ ጽፈሽ አሳያት። ከ«ሰ ሱ ሲ» ጀምራ ቆጥራ ከደረሰችበት፣ የያዘችው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ገበታውን ለጊዜው አስቀምጪው። በ፣ ለ፣ ሰ እና ከን ብቻ ያዢ። ሁለተኛው ላይ ጎኑ፣ ሦስተኛው ላይ እግሩ ሥር ጭረት አለ፤ አምስተኛው እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ይህን በአራቱም ላይ ራሷ ትፈልገው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ከፊደል ፊደል ስለሚለያዩ በቃል ውስጥ ይለመዱ።

ከነዚህ ብቻ «በላ»፣ «ኪስ»፣ «ስልክ»፣ «ልብስ» ይወጣሉ። «ልብስ» ላይ ትደናቀፋለች፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው። «ል...ብ...ስ» እያለች ትቆራርጠዋለች። አታርሚያት፤ «ቶሎ በይው» በያት ብቻ። የምታውቀው ቃል ስለሆነ ጆሮዋ ራሱ ያስተካክለዋል። «በላ»ም እንዲሁ ነው፤ ለ መጥበቁን ጽሑፉ አያሳይም፣ እሷ ግን ከቤት ታውቀዋለች። ስለዚህ ገና ሰምታው የማታውቀውን የመጽሐፍ ቃል አትስጫት፤ እዚያ ጆሮዋ አይረዳትም።

ተ እና ጠ ከተምታቱባት መጀመሪያ በአፍ ለይታ ትጥራቸው፣ ከዚያ ትጻፍ። ሐ እና ኀ ይቆዩ። «ሠላም» ብላ ብትጽፍም ተያት፣ እኛም እንደዚያው ነን።