ሠላሳ ሰከንድ ለጎጃሜ

ለጎጃሜ ሠላሳ ሰከንድ ሰጥቶ «ሰላምታህን ጨርስ» ማለት፣ አንድ ቁና ጤፍ ሰጥቶ «ሠርግ ደግስበት» እንደ ማለት ነው። አንድ ቀን አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝሁባቸው። ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ አዝመራው፣ የአጎቴ ወገብ፣ የጎረቤቱ የታመመች በቅሎ ሁሉም በየተራ ተጠይቀው፣ ለእያንዳንዳቸውም «እግዜር ይመስገን» ተብሎላቸው ሲያበቃ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ሆነ። ጉዳዩ ገና አልተነሣም። ጉዳዩ ሞፈር መዋስ ነበር።

እንግዲህ በዚህ አስተዳደግ ነው ደብረ ማርቆስ ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራሁት። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ባሕር ዳር የሰው ሀብት ላይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ እሷም ራሷ ሰው ስትፈትን ስለምትውል ደወልሁላት።

«አንኳኳ፤ ‹ግባ› ሲሉህ ግባ፤ በሩን ዝጋ፤ አንዴ እጅ ነሥተህ ሰላም በል፤ ‹ተቀመጥ› ሲሉህ ተቀመጥ። እጅ እነሱ ካልዘረጉ አንተ አትዘርጋ። ሰላምታህን በሠላሳ ሰከንድ ጨርስ» አለችኝ።

«ስለ ልጆቻቸው አልጠይቅም?»

«አትጠይቅም!»

«ስለ ጤናቸውስ?»

«‹ጤና ይስጥልኝ› ትላለህ፤ በቃ ጠየቅህ ማለት ነው። ደግሞ ፈተናው የሚጀምረው ውስጥ እንዳይመስልህ። እኔ ሰው ከሸኘሁ በኋላ ‹ውጭ ሳለ እንዴት ነበር?› ብዬ ጸሐፊዋን እጠይቃለሁ።»

ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነበር፤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስሁ። የማርቆስ ጧት መቼም የታወቀ ነው፤ ብርዱ ጋቢ ያስመኛል፣ ለፈተና ግን ጋቢ አይለበስም። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ተፈታኞች በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እኔም አሥራ አንዱንም እጅ በእጅ ጨበጥሁ። ለካስ ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እኔ የጨበጥኋቸው ሁሉ ተነሥተው ስለነበር፣ ከኔ ቀጥሎ የገባው ሰው ደግሞ «ይህ ቤት እንዲህ ነው» ብሎ እሱም ከዳር እስከ ዳር መጨበጥ ጀመረ።

«ኖር!» እንላለን ብድግ ብለን።

«በእግዜር! በእግዜር! ኧረ አትነሡ!» ይላል የመጣው።

ቁጭ ስንል ሌላ ይመጣል። ኖር! በእግዜር! በአራተኛው ላይ አንዱ ተነሥቶ ሲቀመጥ ቦታው ተይዞ አገኘው፤ ለሱ ደግሞ ሦስት ሰዎች ቦታ እንልቀቅ ብለው ሙግት ገጠሙ። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ፣ «ሠርግ ነው እንዴ?» አለች። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። ከበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሁሉም አንድ «እንደምን አደራችሁ»፣ ከዚያ ለጸሐፊዋ ስምና የቀጠሮ ሰዓት ነግሮ መቀመጥ ይበቃ ነበር። ብድግ ማለትንም ለመጣው ሁሉ ሳይሆን ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ ማድረግ ነበረብኝ።

3 ሰዓት መጣ፣ ሄደ። 4ም፣ 5ም፣ 6ም እንዲሁ። 7 ሰዓት ሲሆን ሆዴ ከጸሐፊዋ አታሚ በላይ መጮኽ ጀመረ። እናቴ ለመንገድ ብላ በቅቤና በጨው የታሸ የበሶ ጭብጦ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። ብቻዬን በልቼ? ያሳደገኝ ሰው ምን ይባላል? «ብሉ እንጂ» አልሁ። «ኧረ ጠግበናል» አሉ፣ አንዳቸውም ቁርስ እንዳልቀመሱ ከፊታቸው እያየሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን ባለ ግራጫ ኮት «በሞቴ!» ብዬ ያዝሁት። በሞቴ ሲባል እምቢ አይባልም፤ ግማሹን ተቀበለ።

በልቶ ሲጨርስ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። አየሁት። ልለምነው ግን አፈርሁ፤ ጭብጦ የሰጠ ሰው ሶፍት ቢጠይቅ ዋጋ የተቀበለ ይመስላል። ልታጠብ ብሄድ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ኩርር ብሎ ደርቋል። ስመለስ ጸሐፊዋ ስሜን እየጠራች ነው።

አንኳኳሁ። «ግባ!» ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ቅቤው እጀታው ላይ ቀረ። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አንዲት ወጣት ሴት መሀል፣ ግራና ቀኟ አንድ ጎልማሳና አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው። ከንጋት ጀምሮ በልቤ ሳጠናው የዋልሁትን ለቀቅሁት፦

«እንደምን አደራችሁ!»

ሰዓቱ 7 ከሃያ ነበር። ባለ ሽበቱ ፈገግ ብለው፣ «ኧረ ውለናል» አሉ። ይኸኔ ነው «ጤና ይስጥልኝ» የምትባል ቃል ጥቅሟ የገባኝ። እሷ ጧትም ማታም ትሠራለች፤ ሰዓት አትጠይቅም።

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሥታ እጇን ዘረጋችልኝ። እነሱ እስኪዘረጉ ጠብቅ ተብያለሁ፣ ጠብቄያለሁ፣ ይኸው ተዘረጋ። የኔ መዳፍ ግን በቅቤ ያብረቀርቃል። ምን ላድርግ? እኛ አገር እጁ ሊጥ ወይም ጭቃ የነካው ሰው እንደሚያደርገው ጣቶቼን ጨብጬ፣ ወደ ታች አጥፌ አንጓዬን አቀረብሁላት። አገሬው ቢሆን አንጓዬን ያዝ አድርጎ ይለቀው ነበር፤ ጉዳዩም ያልቅ ነበር። እሷ ግን እጇ አየር ላይ ቀርቶ፣

«እጅህን አሞህ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ጭብጦ ነው።»

ጎልማሳው እስክሪብቶውን አንሥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ስለ ጭብጦ ምን ያህል ይጻፋል? ከአንድ መስመር በላይ ጻፈ።

ያዳኑኝ መስሏቸው ባለ ሽበቱ አንጓዬን ግጥም አድርገው ያዙ። «ኧረግ! የበሶ ነው?»

«የበሶ ነው።»

«በማር ወይስ በቅቤ?»

«በቅቤ።»

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የቢቸና።»

«አያ! ዘንድሮ ጤፉ እንዴት ሆነ?»

አንጓዬን አለቀቁም። ልጅቱ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እኔም አየሁት። ሠላሳዋ ሰከንድ ጤፉ ላይ አለቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ የበላት እኔ አልነበርሁም። የሳቸውን «ዝናቡስ?» አቋርጬ እንዳልቀመጥ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቆሜ እንዳልመልስ ወንበሩ እየጠበቀኝ ነው።

በመጨረሻ «ተቀመጥ» አለችኝ ልጅቱ።

«ኧረ ግዴለም፣ እቆማለሁ።»

«ተቀመጥ።»

«አይ፣ እንዲሁ ደህና ነኝ።»

ሰው ቤት ሲኬድ በመጀመሪያው ግብዣ የሚቀመጥ ይታማል። ሦስተኛው «ተቀመጥ» ግን ግብዣ አልነበረም፤ ቁጭ አልሁ። የአክስቴ ልጅ በኋላ ስትሰማ፣ «ወንበሩን መግደርደሪያ አደረግኸው? እዚያ በመጀመሪያው ነው የሚቀመጡት» ብላ ሳቀችብኝ። ጥያቄዎቹን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳምሬ መልሻለሁ። ማስታወሻው ግን ከጥያቄዎቹ በፊት ግማሽ ገጽ ደርሶ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንደኛ ባለ ግራጫ ኮቱ። እኔ ተጠባባቂ። አሥራ አንድ ሰው ስጨብጥ የዋልሁበትን ክፍል ስም ሰጡኝ ብዬ ሳቄ መጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለ ግራጫ ኮቱን ገበያ ዳር አገኘሁት። እጄ ንጹሕ ነበር፤ ጨበጥሁት። «እንደምን ሰነበትህ፣ ሥራው እንዴት ነው፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ወንድሞችህ፣ አገሩ፣ ብርዱ፣ ቤት ኪራዩ...» ስል ሰዓቱን አየ።

«ይቅርታ፣ ቸኩያለሁ» አለኝ። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ጭብጦዋ ግን አይረሳኝም!» አለ።