ቆጣቢ ማሽን የቢትኮይንን የመብራት ፍጆታ አይቀንስም

«ማሽኖቹ እየዘመኑ ሲሄዱ የቢትኮይን የኤሌክትሪክ ጉዳይ በራሱ ጊዜ ይፈታል።»

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ ይህ ሲባል ከታዳሚው አንድ እንኳ የሞገተ አልነበረም። ተናጋሪው ማይኒንግን፣ ማለትም ማሽኖች ለሽልማት እየተወዳደሩ የቢትኮይን ክፍያዎችን የሚመዘግቡበትን ሥራ፣ እንደ ማቀዝቀዣ ቆጥረውታል፤ አዲሱ ሞዴል ሲገዛ ቆጣሪው ቀስ ብሎ የሚዞር መስሏቸዋል።

የማይኒንግ ማሽን እንደሚወራው «ውስብስብ ሒሳብ» አይፈታም። ሥራው ብሎክ የተባለውን የክፍያዎች ጥቅል መረጃ ይዞ አንዲት ቁጥር እየቀያየረ፣ ከዚያ ተሰልቶ የሚወጣው ሃሽ የተባለ ቁጥር ኔትወርኩ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች እስኪውል ድረስ በጭፍን መሞከር ብቻ ነው። አቋራጭ የለውም። ኔትወርኩ ደግሞ በየ2,016 ብሎኩ ሰዓቱን ያያል፤ ብሎኮቹ በአማካይ ከ10 ደቂቃ ፈጥነው ከመጡ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ ሙከራውን ያከብደዋል፣ ከዘገዩ ያቀለዋል።

እንግዲህ እናስላው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤስ9 የተባለው የማይኒንግ ማሽን ለአንድ ትሪሊዮን ሙከራ 100 ጁል ገደማ ይወስድ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ኤስ21 ግን 17.5 ጁል ይበቃዋል። በ3,500 ዋት በሰከንድ 35 ትሪሊዮን ጊዜ ይሞክር የነበረ ሰው ዛሬ በዚያው መብራት 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይሞክራል። ሁሉም እንዲሁ ቢቀይሩ ብሎኮቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መምጣት ይጀምራሉ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ማስተካከያዎችም ሙከራው ስድስት እጥፍ ገደማ ይከብድና 10 ደቂቃው ይመለሳል፣ 3,500 ዋቱም ባለበት ይቀራል። ታዲያ ማይነሮቹ ለምን ግማሹን አያጠፉም? በቀን በሽልማት የሚከፋፈለው 450 ቢትኮይን ገደማ የሚታደለው በሙከራ ድርሻ ስለሆነ፣ ማሽኑን ያጠፋ ድርሻውን ለተፎካካሪው አስረክቦ ይቀራል። የፍጆታውን ልክ የሚወስነው ሽልማቱ የሚያወጣው ዋጋ እንጂ የማሽኑ ዘመናዊነት አይደለም።

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ማይኒንግን ስታግድ ከኔትወርኩ አቅም ግማሽ ያህሉ ጠፍቶ፣ ጁላይ 3 ቀን ሙከራው በ28 በመቶ ገደማ ቀለለ፤ ብሎኮቹም መምጣታቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ባነሰ መብራትም ይሠራል፤ ይህን ብቻ እቀበላለሁ። ያነሰ መብራት ግን ያነሰ አጥር ነው። የተጻፈን ብሎክ ለመሰረዝ የሚፈልግ ሌባ ሙከራውን ሁሉ እንደገና ከፍሎ ሌሎቹን መቅደም አለበት፤ ቢትኮይን ጎልድ የተባለው ትንሽ ኔትወርክ በ2018 ይህን መከላከል አቅቶት፣ አጥቂዎች ከግማሽ በላይ የሆነ የሙከራ አቅም ይዘው ክፍያዎችን እየሰረዙ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከክሪፕቶ መገበያያ ድርጅቶች ወስደዋል።

መብራቱ ይቀንስ የሚል ሰው ወይ ሽልማቱ ይነስ ይበል፣ ወይ ሌላው የክሪፕቶ ኔትወርክ ኢቴሪየም በ2022 እንዳደረገው ፕሩፍ ኦፍ ወርክ የተባለው ይህ በሙከራ የመወዳደር ዘዴ ይቅር ይበል። የሁለቱንም ዋጋ መከራከር ይቻላል። «ማሽኑ ይዘምናል» ማለት ግን የሻጭ ወሬ ነው።