ማስተካከያ፦ የ e^(−x²) ኢንቲግራል 0.835 አይደለም

“የ e^(−x²) ኢንቲግራል ከ0 እስከ 1 ካልኩሌተሬ ላይ 0.7468 ይላል። አንተ ግን 0.835 ብለሃል። የቱ ነው ልክ?”

ካልኩሌተሩ ልክ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ።

ባለፈው ሲሪሱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦

1 − x² + x⁴ − x⁶ + x⁸ − …

ፋክቶሪያሎቹን ረስቻለሁ። ይሄ የ 1/(1+x²) ሲሪስ ነው። እያንዳንዱን ተርም ኢንቲግሬት ስናደርግ የሚወጣው arctan x ነው። ስለዚህ ተርም እየጨመርን ብንሄድ የምንደርሰው π/4 ጋ ነው፤ ማለትም 0.785 አካባቢ። ያኔ 0.835 ያልኩት አምስት ተርም ላይ ስላቆምኩ ነው።

ትክክለኛው መነሻ eᵘ = 1 + u + u²/2! + u³/3! + … ነው። በ u ቦታ −x² እናስገባ፦

1 − x² + x⁴/2 − x⁶/6 + x⁸/24 − …

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ኢንቲግሬት ስናደርግ አዲሱ ማካፈያ ከፋክቶሪያሉ ጋር ይባዛል እንጂ አይተካውም። x⁴/2 የሚሰጠው x⁵/10 ነው፤ x⁵/5 አይደለም።

x − x³/3 + x⁵/10 − x⁷/42 + x⁹/216 − …

x = 1 ስናስገባ፦

1 − 0.3333 + 0.1 − 0.0238 + 0.0046 ≈ 0.7475

ምልክቱ ስለሚፈራረቅና ተርሞቹ እያነሱ ስለሚሄዱ፣ ስህተቱ ከቀጣዩ ተርም አይበልጥም። ቀጣዩ 1/1320 ነው፤ ወደ 0.0008 ገደማ። ከ0.7468 ጋር ያለን ልዩነት 0.0007 ስለሆነ ይገጥማል። የድሮው መልሴ ግን በ0.088 ይርቃል።